የወፍ ሳንባ ቫልቭ የለውም፦ ስለ ወፍ አተነፋፈስ ለቀረበ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

«ወፍ ከሁለቱ ሳንባዎቿ ሌላ ዘጠኝ ተጨማሪ ሳንባዎች አሏት፤ የአየር ከረጢት የሚባሉት ናቸው። አየሩ በቫልቮች እየተመራ በአንድ በር ገብቶ በሌላ በር ስለሚወጣ እሷ ዘንድ አሮጌ አየር የሚባል ነገር የለም። ደሟ እንደ ዓሣ ስንጥብ ከአየሩ ፊት ለፊት ስለሚፈስ ኦክስጅኑን አንድም ሳታስቀር ትመጥጠዋለች። ጥንብ አንሳ ከአውሮፕላን እኩል የሚበርረው በዚህ ነው፤ አጥቢ እንስሳ ግን በዚህ ኋላ ቀር ሳንባው መብረር አይችልም። ወፍን ማፈንም ቀላል አይደለም።»

ከላይ ከተጠቀሰው ውስጥ አየሩ በወፍ ሳንባ ውስጥ በአንድ አቅጣጫ መሄዱ እውነት ነው። ችግሩ በዚያ እውነት ዙሪያ የተገነባው ነው። በቅደም ተከተል እንየው።

ወናፉና ምድጃው

የመጀመሪያው ስህተት በከፊል የቋንቋችን ጣጣ ነው። በአማርኛ «የአየር ከረጢት» የምንለው ሁለት የማይገናኙ ነገሮችን ነው። አንደኛው በሰው ሳንባ ውስጥ ያሉት፣ አልቪዮላይ የሚባሉት፣ በቀጫጭን የደም ሥር የተሸፈኑት ጥቃቅን ኪሶች ናቸው። ኦክስጅን ወደ ደም የሚያልፈው እዚያ ነው። ሁለተኛው ከወፍ ሳንባ ውጭ፣ በአንገት ሥር፣ በደረትና በሆድ ውስጥ የተዘረጉት ትልልቅ ከረጢቶች ናቸው። ስማቸው አንድ ስለሆነ ሥራቸውም አንድ ይመስላል።

ዶሮ ገነጣጥሎ ብልት ያወጣ ሰው ሁለቱንም በእጁ ነክቷቸዋል። ሳንባዎቹ ከጀርባ በኩል፣ በጎድን አጥንቶቹ መካከል ተጣብቀው የቀሩት ቀያይ ስፖንጅ መሳይ ቁራጮች ናቸው። እንደ በግ ሳንባ ተስበው አይወጡም፤ በጣት መፋቅ አለባቸው፤ ሲወጡም የጎድን አጥንቱ ቅርጽ በላያቸው ታትሞ ይታያል። ከረጢቶቹ ደግሞ ሆድ ዕቃው ሲሳብ የሚበጣጠሰው፣ እንደ ሽንኩርት ውስጠኛ ልባስ የሳሳና ብርሃን የሚያሳልፍ ሽፋን ናቸው። አብዛኛው ሰው ከረጢት መሆኑን ሳያስተውል አጥቦ ይጥለዋል። ቀለሙ ራሱ መልስ ይሰጣል፤ ሳንባው በደም ስለተሞላ ቀይ ነው፣ ከረጢቱ ደም ሥር ስለማይበዛበት ቀለም የለውም። ከጠቅላላው የጋዝ ልውውጥ ውስጥ የከረጢቶቹ ድርሻ ከ5 በመቶ በታች ነው። (ዘጠኝ የሚለው ቁጥር ለብዙ ወፎች ይሠራል፤ በዶሮ ግን አንዳንዶቹ ስለሚዋሐዱ ስምንት ተብለው ይቆጠራሉ።)

ትክክለኛው ምሳሌ የአንጥረኛ ወናፍ ነው። ወናፉ አይነድድም፤ አየር ስቦ ወደ ምድጃው ይገፋል እንጂ። ከረጢቶቹ ወናፍ፣ ሳንባው ምድጃ ነው። የሰው ሳንባ ግን ወናፍም ምድጃም ነው፤ ያው አንዱ አካል እየተነፋና እየሟሸሸ አየር ይስባል፣ እየተነፋም ጋዝ ይለዋወጣል። ሥራው በወፍ ዘንድ ስለተከፋፈለ የወፍ ሳንባ መለጠጥ አያስፈልገውም፤ መጠኑ በአንድ ትንፋሽ እምብዛም አይለወጥም። የማይለጠጥ ከሆነ ደግሞ ውስጡ ያሉትን የአየር ቀዳዳዎች እጅግ ማጥበብ ይቻላል። የሰው አልቪዮላይ ስፋት በአማካይ 0.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በወፍ ሳንባ ውስጥ ያለው፣ የአየር ካፒላሪ የሚባለው ቀዳዳ ከሺህ የሚሊ ሜትር ክፍሎች ጥቂቱን ብቻ፣ ከ3 እስከ 10 የሚሆነውን፣ ይሰፋል። እንዲህ የጠበበ ነገር በየትንፋሹ ቢነፋና ቢሟሽሽ ግድግዳው በእርጥበቱ ምክንያት ተጣብቆ ይቀር ነበር። ስለ ወፍ ሳንባ ሲወራ የአየሩ አቅጣጫ ብዙ ይነሳል፤ የሳንባው አለመንቀሳቀስ ግን ከዚያ ያላነሰ ነገር ያስገኛል።

አየሩ መንገዱን የሚያገኘው እንዴት ነው?

ወፍ አየር የምታስገባውም የምታስወጣውም በዚያው በአንድ የአየር ቧንቧ ነው። ሌላ መውጫ በር የላትም። አንድ አቅጣጫ ያለው ፍሰት የሚገኘው ሳንባው ውስጥ ባሉት ፓራብሮንካይ በሚባሉ ቀጫጭን ቱቦዎች ብቻ ነው። ቱቦዎቹ ከሁለቱም ጫፍ ክፍት ናቸው፤ የሰው ሳንባ ቅርንጫፎች ግን መጨረሻቸው የተዘጋ ነው። ልዩነቱ የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ መጨረሻው በተዘጋ መንገድ የገባ አየር በመጣበት ከመመለስ በቀር ምርጫ የለውም።

አንድ ትንፋሽ እንከተል። ወፏ የደረት አጥንቷን ወደ ታችና ወደ ፊት ስታወርድ የፊቶቹም የኋላዎቹም ከረጢቶች በአንድ ጊዜ ይነፋሉ። (የወናፉ ምሳሌ የሚሰበረው እዚህ ላይ ነው። አንጥረኛ ሁለት ወናፍ ሲይዝ አንዱን ሲጫን ሌላውን ያነሳል፤ የወፍ ከረጢቶች ግን አብረው ይነፋሉ፣ አብረው ይጨመቃሉ።) ከውጭ የገባው አየር ከአየር ቧንቧው ወደ ሳንባው በሚዘልቀው ዋና ቱቦ፣ በዋናው ብሮንከስ፣ ቀጥ ብሎ ያልፍና ከፊሉ ወደ ኋላ ከረጢቶች ይገባል፤ ከፊሉ ከጀርባ በኩል ባሉት ቅርንጫፎች ታጥፎ ወደ ፓራብሮንካይ ይዘልቃል። የፊት ከረጢቶች የሚሞሉት ከውጭ በመጣ አየር ሳይሆን ሳንባውን አቋርጦ በወጣ አየር ነው። ወፏ ስታስወጣ ሁሉም ከረጢቶች ይጨመቃሉ። የኋላዎቹ የያዙት ገና ያልተነካ አየር በሳንባው በኩል፣ በዚያው በቀድሞው አቅጣጫ ያልፋል፤ የፊቶቹ የያዙት የተሠራበት አየር በቀጥታ ወደ አየር ቧንቧው ይወጣል። ስለዚህ ሳንባው ሲገባም ሲወጣም አየር ይደርሰዋል። በኋላ ከረጢት በኩል የዞረ አየር ከአፍንጫ ገብቶ ተመልሶ እስኪወጣ ሁለት ሙሉ ትንፋሽ ይፈጅበታል። ይህን እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1970ዎቹ መጀመሪያ ክኑት ሽሚት-ኒልሰንና ባልደረባው ብሬትዝ በዳክዬዎች ላይ አሳይተዋል።

ቫልቩስ? አናቶሚስቶች ለረጅም ጊዜ ፈልገው አላገኙትም፤ የለምና። ከሞተ ዳክዬ በተዘጋጀ ሳንባ ውስጥ አየር በፓምፕ ወዲያና ወዲህ ቢገፋ በፓራብሮንካይ ያለው ፍሰት አቅጣጫውን አይለውጥም። የሚከፍትና የሚዘጋ ጡንቻ ቢሆን ኖሮ ከሞተ በኋላ አይሠራም ነበር። መንገዱን የሚመርጠው የቱቦዎቹ ማዕዘንና የአየሩ ፍጥነት ነው። በፍጥነት የሚሄድ መኪና ሹል መታጠፊያ ላይ ሳይታጠፍ ቀጥ ብሎ እንደሚያልፈው፣ የሚገባው አየር ከሆድ በኩል ያሉትን የመጀመሪያ ቅርንጫፎች አፍ አልፏቸው ይሄዳል። በአንዳንድ ወፎች፣ ለምሳሌ በዝይ፣ ከቅርንጫፎቹ አፍ ቀደም ብሎ ዋናው ብሮንከስ ይጠብባል፤ ወፏ ስታርፍና በዝግታ ስትተነፍስ ይህ ጥበት አየሩን ያፈጥነዋል።

ነገሩ በእርግጥ በአየር ግስጋሴ መሆኑ የሚታወቀው ሲበላሽ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ ገደማ በዝይዎች ላይ በተደረጉ ሙከራዎች ከአየር የቀለለ ጋዝ፣ ማለትም ሂሊየም የበዛበት ድብልቅ፣ ሲሰጥ ወይም ፍሰቱ በጣም ሲዘገይ፣ የሚገባው ጋዝ ቀጥ ብሎ ማለፉን ትቶ በአቋራጭ ቅርንጫፎች መፍሰስ ይጀምራል። የእውነት ቫልቭ ቢሆን ኖሮ የጋዙ ክብደት ምኑም አልነበረም።

«አሮጌ አየር የለም» የሚለውም እዚሁ ይወድቃል፣ በሁለት ምክንያት። አንደኛ፣ የወፍ የአየር ቧንቧ ረጅም ነው፤ በመጠን ከምትተካከላት አጥቢ እንስሳ ቧንቧ በ2.7 እጥፍ ገደማ ይረዝማል፣ ትንሽም ይሰፋል። ባለፈው ትንፋሽ መጨረሻ እዚያ ውስጥ የቀረው አየር በሚቀጥለው ትንፋሽ ቀድሞ የሚገባው ነው፤ የሚገባውም ወደ ኋላ ከረጢቶች ነው። ለዚህ ነው ከውጭ ያለው አየር 0.04 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ብቻ ይዞ ሳለ በኋላ ከረጢቶች ውስጥ ወደ 4 በመቶ የሚጠጋው። በፊት ከረጢቶች ከ6 እስከ 7 በመቶ ይሆናል። ወፎች ይህን ኪሳራ የሚክሱት በዝግታና በጥልቀት በመተንፈስ ነው። ሁለተኛ፣ በብዙ ወፎች ሳንባ ውስጥ ኒዮፑልሞ የሚባል አነስተኛ ክፍል አለ፤ እዚያ አየሩ እንደ እኛው ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። በዶሮና በዘማሪ ወፎች ሰፋ ያለ ነው፤ በፔንግዊንና በኢሙ የለም። በአንድ አቅጣጫ የሚፈሰው አየር የሳንባውን ትልቁን ክፍል እንጂ ሙሉውን አይይዝም።

ይህም ሆኖ ከሰው ሳንባ ጋር ያለው ልዩነት ትልቅ ነው። ያረፈ ጎልማሳ በአንድ ትንፋሽ ግማሽ ሊትር ያህል ያስገባል። ከዚያ ውስጥ 150 ሚሊ ሊትር ገደማው ቧንቧዎቹን ሞልቶ ይቀራል። የቀረው 350 ሚሊ ሊትር፣ በሳንባው ውስጥ ከትንፋሽ በኋላም ከሚቆየው ከሁለት ሊትር በላይ አየር ጋር ይቀላቀላል። ማለትም በየትንፋሹ የሚታደሰው ከሰባት እጅ አንዱ ብቻ ነው። አልቪዮላይ ውስጥ ያለው አየር 21 በመቶ ሳይሆን 14 በመቶ ገደማ ኦክስጅን የሚይዘው በዚህ ነው። የሰው ደም ከዚህ ድብልቅ በላይ ኦክስጅን ሊያገኝ አይችልም።

ፊት ለፊት ሳይሆን በአግድም

የዓሣ ስንጥቡ ንጽጽር በትምህርት ቤት ማስታወሻዎች ውስጥም ስለሚገኝ ጠለቅ ብሎ ማየት ይገባዋል። በስንጥብ ውስጥ ውሃውና ደሙ ጎን ለጎን በተቃራኒ አቅጣጫ ይፈስሳሉ። በወፍ ሳንባ ግን ደሙ አየሩን የሚያገኘው በአግድም እያቋረጠ ነው።

አንድ ዳቦ የጫነ መኪና በመንገድ ዳር ባሉ አሥር ቤቶች ፊት ሲያልፍ አስቡ። የመጀመሪያው ቤት መኪናው ሙሉ ሳለ ስለሚያገኘው ብዙ ይወስዳል፤ አሥረኛው ቤት የሚያገኘው ትርፍራፊ ነው። ከዚያ አሥሩም ቤቶች ያገኙትን ወደ አንድ መሶብ ያመጡታል። ቤቶቹ የደም ካፒላሪዎች የሚባሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች ናቸው፤ ሁሉም እኩል ኦክስጅን የጎደለው ደም ይዘው ቱቦውን በየቦታው ያቋርጣሉ። መሶቡ ከሳንባው ወደ ልብ የሚመለሰው የደም ሥር ነው።

በቁጥር ለማየት፣ ለማሳያ ያህል፣ ወደ ቱቦው የሚገባው አየር የኦክስጅን ግፊት 130፣ ሲወጣ ደግሞ 80 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ይሁን። በመግቢያው ያለው ካፒላሪ ወደ 130 ይጠጋል፤ በመሀል ያለው ወደ 105፤ በመጨረሻ ያለው ወደ 80። ሲቀላቀሉ ድብልቁ በሁለቱ ጫፎች መካከል፣ ከ80 በላይ ይሆናል። (ሄሞግሎቢን ኦክስጅን የሚይዘው ከግፊቱ ጋር ቀጥታ በሚሄድ መጠን ስላልሆነ ተራ አማካይ መውሰድ አይቻልም፤ ከ80 በላይ መሆኑ ግን አይቀርም።) ዋናው ነጥብ ይህ ነው፤ ሳንባውን ለቅቆ የሚሄደው ደም ሳንባውን ለቅቆ ከሚሄደው አየር የበለጠ የኦክስጅን ግፊት ሊይዝ ይችላል። ለአጥቢ ሳንባ ይህ አይቻልም፤ ደሙ ቢበዛ ከአልቪዮላይ ድብልቅ ጋር ይተካከላል። በሌላ በኩል፣ ፊት ለፊት የሚፈስ ደም ቢሆን ወደ 130 ራሱ ሊጠጋ ይችል ነበር። የወፍ ሳንባ በሁለቱ መካከል ነው፤ ከእኛ ይሻላል፣ ከስንጥብ ያንሳል። «አንድም ሳታስቀር» የሚለው ደግሞ ለየትኛውም ሳንባ አይሠራም፤ ከፊት ከረጢቶች የሚወጣው አየር አሁንም 13 ወይም 14 በመቶ ኦክስጅን አለበት።

ይህ በሥዕል ብቻ የተደረሰበት አይደለም። ፒተር ሻይድና ዮሐንስ ፒፐር በ1972 በዳክዬዎች ሳንባ ውስጥ አየር በአንድ አቅጣጫ ካስኬዱ በኋላ አቅጣጫውን ገለበጡት። ደሙ ከአየሩ ፊት ለፊት የሚፈስ ቢሆን ኖሮ መገልበጡ ሁለቱን ጎን ለጎን አብረው እንዲነጉዱ ያደርጋቸውና ልውውጡ በግልጽ ያሽቆለቁል ነበር። አላሽቆለቆለም። ወደ መኪናው እንመለስ፤ ከመጨረሻው ቤት ጀምሮ ወደ ኋላ ቢነዳ መጀመሪያ የነበረው ቤት መጨረሻ ይሆናል፣ በመሶቡ የሚጠራቀመው ዳቦ ግን ያው ነው።

ከፍታውና በረራው

ጥንብ አንሳው እውነተኛ ነው። በኅዳር 1973 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር፣ በአቢጃን ሰማይ 11,300 ሜትር ገደማ ላይ የአውሮፕላን ሞተር የገባው ወፍ የሩፔል ጥንብ አንሳ ነበር፤ በእኛ ደጋ ገደሎች ላይም የሚኖረው ዝርያ ነው። ግን አንድ ወፍ አንድ ቀን የደረሰበት ከፍታ ነው፣ የዘወትር መኖሪያው አይደለም። እዚያ ለመድረስም ሳንባው ብቻውን አላበቃውም። ይህ ዝርያ ኦክስጅንን አጥብቀው የሚይዙ የሄሞግሎቢን ዓይነቶች አሉት።

ሳንባው በራሱ የሚያመጣውን ለይቶ ለማየት የተሻለው ማስረጃ ተመራማሪው ታከር በ1968 ያሳተመው ነው። የቤት ድንቢጦችና አይጦች የ6,100 ሜትር ከፍታን አየር በሚያስመስል ክፍል ውስጥ ገቡ። አይጦቹ በሆዳቸው ተኝተው መንቀሳቀስ አቃታቸው፤ ድንቢጦቹ በረሩ። ሁለቱ በክብደትና በሄሞግሎቢናቸው የመያዝ ኃይል ስለሚቀራረቡ ጣት ወደ ሳንባው ይጠቁማል። ወደ ሳንባው ብቻ ግን አይደለም። ከፍታ ላይ በብዛት የሚተነፍስ እንስሳ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ያራግፋል፤ በአጥቢ ዘንድ ይህ የአንጎልን የደም ሥሮች ያጠባል፣ ራስ ያዞራል። በዳክዬ ላይ ሲለካ የአንጎል የደም ፍሰት እንዲህ አይቀንስም።

የበረራውን ነገር የሌሊት ወፍ ብቻዋን ትዘጋዋለች። አጥቢ ናት፣ ሳንባዋም እንደ እኛው ወዲያና ወዲህ ነው፣ ትበርራለች። ያላት ነገር ለመጠኗ ትልቅ ሳንባና ትልቅ ልብ፣ እንዲሁም በአየርና በደም መካከል የሳሳ ግድግዳ ነው። በተቃራኒው አዞ አይበርርም፤ ኮሊን ፋርመርና ኬንት ሳንደርስ ግን በ2010 በአሜሪካ አሊጌተር ሳንባ ውስጥ አየር በአንድ አቅጣጫ እንደሚፈስ አሳዩ፤ ያውም ያለ ምንም የወፍ ዓይነት ከረጢት። በ2013 በአርጃኖ፣ በ2014 በኢጉዋና ላይም ተመሳሳይ ነገር ታየ። ፍሰቱ የመጣው ለበረራ ተብሎ ከሆነ እነዚህ ምን ይሠሩበታል?

መታፈን

ከጽሑፉ ስህተቶች ሁሉ ጉዳት የሚያደርሰው ይህ ነው፤ ሰው አምኖ ዶሮ ሊይዝበት ይችላል። ወፍ አየር የሚስብላት ድያፍራም የላትም። አየር የሚገባው የደረት አጥንቷና ጎድኖቿ ሲንቀሳቀሱ ብቻ ነው። ስለዚህ አፏና አፍንጫዋ ክፍት ሆነው ሳለ ደረቷን ጭብጥ አድርጎ የያዘ ሰው ያፍናታል፤ ጩኸት እንኳ ላይኖር ይችላል። በጀርባዋ ለረጅም ጊዜ ስትያዝም ሆድ ዕቃዋ በሆድ ከረጢቶቿ ላይ ይተኛል። በሣጥን ውስጥ ተደራርበው የተጫኑ ዶሮዎች ከሥር ያሉት ቀድመው የሚሞቱት በሙቀት ብቻ አይደለም። አያያዙ ቀላል ነው፤ ክንፎቹ በሁለት እጅ ከጎን ይታቀፋሉ፣ ደረቱ ነጻ ሆኖ መዳፍ ላይ ያርፋል፣ የደረት አጥንቱ ሲወርድና ሲወጣ በመዳፍ ይሰማል። መሰማቱ ካቆመ እጅ ይላላል። መንቆር ከፍቶ አንገት መዘርጋትና ጭራ በየትንፋሹ ወደ ታች መወዝወዝ ወፏ እየተቸገረች መሆኑን ያሳያሉ።

ያው አሠራር የሕይወት መትረፊያም ይሆናል። የአየር ቧንቧው በእህል ፍሬ ወይም በእብጠት የተዘጋባትን ወፍ የእንስሳት ሐኪም ከጎን በኩል፣ ከመጨረሻዎቹ የጎድን አጥንቶች አካባቢ ቀድዶ፣ አጭር ቱቦ ወደ አንዱ የኋላ ከረጢት ያስገባል። አየር በቱቦው ወደ ከረጢቱ፣ ከከረጢቱም ወደ ሳንባው ይዘልቃል። ማደንዘዣ ጋዝም በዚያው ሊሰጥ ይችላል፤ ቱቦው እስከ ጥቂት ቀናት ይቆያል። በሰው ላይ ከጎን በኩል ደረትን መቅደድ ሳንባን ያሟሽሻል፤ የወፍ ሳንባ ከጎድኖቹ ጋር የተጣበቀ ስለሆነ አይሟሽሽም። ቱቦው ቦታውን መያዙ የሚታወቀው አንዲት ትንሽ ላባ አፉ ላይ ሲያዝ ነው፤ ላባዋ በየትንፋሹ ወዲያና ወዲህ ትላለች፣ ወፏም መንቆሯን ትገጥማለች።